ተመጣጣኝ ግብር የሚባለው የቱ ነው?

ጥያቄ፦ «ተጨማሪ እሴት ታክስን ሀብታሙም ድሃውም እኩል 15 በመቶ ነው የሚከፍለው። ታዲያ ‹ተመጣጣኝ ግብር› ብንለው ስህተት ነው? ‹ተራማጅ› እና ‹እያሽቆለቆለ የሚሄድ› የሚባሉትስ ከዚህ በምን ይለያሉ?»

መልስ፦ «15 በመቶ» ብቻውን ገና ያላለቀ ሐረግ ነው። የምኑ 15 በመቶ? ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ነው። ሦስቱ ስሞች ግን ግብሩን የሚያነጻጽሩት ከከፋዩ ገቢ ጋር ነው። ግራ መጋባቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ላይ ገበያ ውስጥ «ተመጣጣኝ ዋጋ» ስንል ኪስ የማይጎዳ ማለታችን ነው። በግብር ቋንቋ ግን «ተመጣጣኝ» ማለት ከሁሉም ሰው ገቢ ላይ እኩል ድርሻ የሚወስድ ማለት ብቻ ነው። ፍትሐዊ ነው አይደለም የሚለው ሌላ ክርክር ነው።

ሁለት ቤተሰብ እናስብ። አንደኛው በወር 4,000 ብር ደመወዝ ያገኛል፣ ሁለተኛው 12,000።

ከደመወዝ ግብር እንጀምር። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 በላይ ያለው 35 ነው።

ባለ 4,000ው የሚከፍለው ከሁለተኛው 2,000 ብር ላይ ብቻ ነው፤ 300 ብር። ይህ የገቢው 7.5 በመቶ ነው። ባለ 12,000ው በየእርከኑ 300፣ 600፣ 750 እና 600 ብር ይከፍላል፤ ድምሩ 2,250 ብር፣ የገቢው 18.75 በመቶ። ገቢ ሲጨምር የሚወሰደው ድርሻም ጨመረ። «ተራማጅ» የሚባለው ይህ ነው። እኔ ግን ቃሉ ፖለቲካ ፖለቲካ ስለሚሸት «እያደገ የሚሄድ ግብር» ቢባል እመርጣለሁ፤ ሰሚው ምን እንደሚያድግ ወዲያው ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ደመወዜ 4,100 ስለገባ 20 በመቶ ይቆረጥብኛል፣ ጭማሪው ቢቀርብኝ ይሻለኛል» ሲባል ትሰማላችሁ። እንዲህ አይደለም። 20 በመቶው የሚነካው ያቺን የመጨረሻዋን 100 ብር ብቻ ነው። ግብሩ ከ300 ወደ 320 ብር ከፍ ይላል፤ 80ዋ ብር ኪሱ ትገባለች።

ለተመጣጣኙ ስሌት ቅርብ ምሳሌ የጡረታ መዋጮ ነው። ግብር ባይሆንም ሒሳቡን በደንብ ያሳያል። ሠራተኛው የደመወዙን 7 በመቶ ያዋጣል፤ አንዱ 280 ብር፣ ሌላው 840። ብሩ ይለያያል፣ ድርሻው ግን አንድ ነው።

አሁን ወደ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንምጣ። ባለ 4,000ው በወሩ ውስጥ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድና የመሳሰለውን፣ ታክስ ያለበትን ዕቃና አገልግሎት በ1,600 ብር ገዛ እንበል። 15 በመቶ ሲጨመር ታክሱ 240 ብር ነው። ባለ 12,000ው እጥፉን፣ የ3,200 ብር ገዛ። ታክሱ 480 ብር። ደረሰኙ ላይ ሁለቱም 15 በመቶ ነው የተጻፈው። ከገቢያቸው አንጻር ስናየው ግን 240 ብር የ4,000 ብር 6 በመቶ ነው፣ 480 ደግሞ የ12,000 ብር 4 በመቶ። ሁለተኛው በብር እጥፍ ከፍሎም ድርሻው አነሰ። ስለዚህ ይህን «ተመጣጣኝ» ማለት የሚያስኬደው ከዋጋው ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው፤ ከገቢ አንጻር «እያሽቆለቆለ የሚሄድ» ነው። የሚያሽቆለቁለው የሚከፈለው ብር ሳይሆን ከገቢው የሚወሰደው ድርሻ ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ገቢው ትንሽ የሆነ ቤተሰብ ያገኘውን እዚያው ወር ላይ ይጨርሳል። ሻል ያለው ይቆጥባል፤ የተቆጠበው ብር ደግሞ ይህ ታክስ አይነካውም።

ስሙ ግን ለታክሱ የማይለወጥ መታወቂያ አይደለም። ባለ 12,000ው ታክስ ያለበትን ዕቃ በ4,800 ብር ቢገዛ ታክሱ 720 ብር ይሆናል፤ ይኸውም የገቢው 6 በመቶ ነው። ያኔ ሁለቱ ቤተሰቦች እኩል ድርሻ ከፈሉ ማለት ነው። መሠረታዊ ምግቦች ከታክስ ነፃ ሲደረጉም ልዩነቱ የሚጠበው በዚሁ መንገድ ነው፦ የባለ 4,000ው ወጪ በአብዛኛው እህል ስለሆነ ታክስ የሚከፍልበት ግዢ ያንሳል፣ 6 በመቶውም ይወርዳል።