ቅዳሜ ምሽት 2 ሰዓት ለማን ነው? ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ስለ ሰዓት ብቻ ጠይቁ። ስለ አልጎሪዝምና ስለ ሃሽታግ አልመልስም። የውጭ ከተሞችን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የአዲስ አበባን በእኛው። ቀኖቹ የ2026 ናቸው።

ባለ ካሜራው፦ ከአዲስ አበባ በየቅዳሜው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ቪዲዮ እለቃለሁ። ተመልካቼ ዋሽንግተን፣ ለንደን፣ ቴል አቪቭና ዱባይ ነው። መጋቢት ሲመጣ ሁሌ «ዛሬ የለም እንዴ?» የሚል ኮሜንት ይጎርፋል። እኔ ግን ሰዓቴን ነክቼ አላውቅም።

መላሽ፦ ችግሩም አለመንካትህ ነው። የአንተ ሰዓት ቆሟል፣ የእነሱ ይንቀሳቀሳል።

ክረምታቸው ላይ፣ ፌብሩዋሪ 28 ለምሳሌ፣ ቪዲዮህ ዋሽንግተን 12:00 ላይ ይደርሳል። ለንደን 17:00፣ ቴል አቪቭ 19:00፣ ዱባይ 21:00 ነው። ሰዉ ይህን ለመደ። ማርች 8 እሑድ አሜሪካ ሰዓቷን አንድ ወደፊት ትገፋለች። ማርች 14 ቅዳሜ አንተ እንደተለመደው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ስትለቅ ዋሽንግተን 13:00 ሆኗል። የለመደው ሰው በ12:00 መጥቶ ቻናልህን ከፍቶ ባዶ አገኘ። ኮሜንቱን ጽፎ ሄደ።

ሌሎቹ ደግሞ አብረው አይቀየሩም። እስራኤል ማርች 27 ዓርብ ትቀይራለች። አውሮፓ ማርች 29 እሑድ። ዱባይ ጭራሽ አትቀይርም። ስለዚህ ማርች 28 ቅዳሜ ዋሽንግተንና ቴል አቪቭ ተቀይረው ለንደን ገና ነው። በመከር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው፤ አውሮፓና እስራኤል ኦክቶበር 25 ይመለሳሉ፣ አሜሪካ ኖቬምበር 1። ኦክቶበር 31 ያለችው አንዷ ቅዳሜ ናት የምታምሰው።

መፍትሔው አንድ ከተማ መምረጥ ነው። ከለቀቅህ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሰዓት አብዛኛው ኮሜንት ከየት እንደሚመጣ እይ። ዋሽንግተን ከሆነ ፖስቱን በዋሽንግተን 12:00 ላይ እሰረው። ከማርች 8 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ምሽት 1 ሰዓት ይሆንብሃል፣ ዱባይ 20:00። ለንደን ሦስት ቅዳሜ 16:00 ላይ ይወርድና ወደ 17:00 ይመለሳል። የሆነ ሰው መነካቱ አይቀርም። ማን እንደሚነካ የምትወስነው ግን አንተ ነህ።

ሰዓት ስትሞሉ የከተማ ስም ምረጡ፣ ቁጥር አትምረጡ። ለዋሽንግተን `America/New_York` ነው እንጂ `UTC-5`፣ ከዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት አምስት ወደ ኋላ የሚለው ቁጥር፣ አይደለም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ሰላሜ፦ ለፖስት ምርጡ ሰዓት ስንት ነው?

መላሽ፦ ለማን? የት ላለ ሰው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ቀጣይ።

ሻርጃ፦ እኛ ጋ ሰዓት አይቀየርም። ይህ የአሜሪካኖች ጣጣ ነው፣ እኛን አይመለከትም አይደል?

መላሽ፦ የምትከታተለው ቻናል በዋሽንግተን የታሰረ ከሆነ ይመለከትሃል። ያንተ ሰዓት ባይቀየርም ፖስቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣብሃል። የራስህ ቻናል ከሆነና ተመልካችህ ሁሉ ገልፍ ከሆነ ግን እንኳን ደስ አለህ፣ በሰላም ተኛ። ሪያድና ዶሃ ከአዲስ አበባ እኩል ናቸው፤ አቡዳቢ፣ ዱባይና ሙስካት አንድ ሰዓት ይቀድማሉ። ዓመቱን ሙሉ።

ኮደሩ፦ ይሄን ያህል ማካበድ ምን ያደርጋል? ሁሉንም በUTC አስቀምጡ፣ አለቀ። UTC አይቀየርም።

መላሽ፦ አላለቀም። ላለፈ ነገር ልክ ነህ፤ ፖስቱ መቼ ወጣ የሚለውን በUTC መዝግብ። ለሚመጣው ግን ለተመልካች ቃል የገባኸው ዋሽንግተን ግድግዳ ላይ ያለውን 12:00 ነው። ጁላይ ላይ ተቀምጠህ የኖቬምበር 7ን ፖስት ትመድባለህ እንበል። ዛሬ ልዩነቱ አራት ሰዓት ነውና 16:00 UTC ብለህ ትሞላለህ። ኖቬምበር 7 ሲደርስ ልዩነቱ አምስት ሆኗል፣ ፖስቱ በ11:00 ይወጣል። UTC አልተቀየረም፣ እውነትህን ነው። የተቀየረው ሰዉ ነው።

ኮደሩ፦ ደህና ላይብረሪ የዛሬውን ሳይሆን የኖቬምበርን ልዩነት ነው የሚያሰላው። 17:00 UTC ይሰጥሃል። አንተ የምታወራው በጣቱ ለሚቆጥር ሰው ነው።

መላሽ፦ እዚህ ቤት አብዛኛው በጣቱ ነው የሚቆጥረው፣ አትፍረድ። ላይብረሪውም ቢሆን የሚያሰላው ዛሬ በሚያውቀው ሕግ ነው። መንግሥት ሕጉን ከቀየረ ያስቀመጥከው UTC ሐሰት ይሆናል። ስለዚህ `2026-11-07 12:00` እና `America/New_York` የሚሉትን ሁለቱን አስቀምጥ። ወደ UTC መለወጡን ፖስቱ ሊወጣ ሲቃረብ አድርገው።

ኮደሩ፦ መንግሥት በየቀኑ ሕግ ይቀይራል እንዴ?

የቤይሩቷ፦ እኔ ልመልስለት! በ2023 እኛ ጋ ግማሹ ሰው አንድ ሰዓት፣ ግማሹ ሌላ ሰዓት ነበር። የማዳሜ ስልክና የእኔ ስልክ አልተስማሙም። የምከታተለው ላይቭ አመለጠኝ። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?

መላሽ፦ ኮደሩ፣ አንብብ። ሊባኖስ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች መጨረሻ እሑድ ነው። በ2023 መንግሥት ጥቂት ቀን ሲቀረው «ረመዳን እስኪያልቅ አንቀይርም» አለ። የማሮናይት ቤተ ክርስቲያንና አንዳንድ ቴሌቪዥኖች «እኛ እንቀይራለን» ብለው ቀየሩ። መንግሥት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ለወጠ፤ ሰዓቱ ማርች 29 ለ30 አጥቢያ ተቀየረ። ስልኮችና ሰርቨሮች ሁሉ የሚያነቡት `tzdata` የሚባል የሰዓት ሰንጠረዥ አለ። መዘግየቱን ይዞ `2023b` ወጣ፣ ከቀናት በኋላ ያንን የሚሽር `2023c` ወጣ። አንዱን አፕዴት ያገኘ ስልክና ሌላውን ያገኘ ስልክ ጎን ለጎን ተለያዩ። የአንቺና የማዳምሽም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ለአንቺ የምመክረው ላይቩን በቁጥር አትከታተይ። ዩቲዩብ ላይ የተመደበ ላይቭ ወይም ፕሪሚየር ገጹ ራሱ ስንት ሰዓት እንደቀረው ይቆጥራል። የሚቆጥረው ከላይቩ ቅጽበት ነው፤ መንግሥት ምንም ቢል አይለወጥም። አድሚኖች ደግሞ፣ «በቤይሩት 17:00» ብላችሁ ብቻ አትለጥፉ፣ የቆጠራውን ሊንክ ጨምሩ።

ዝም አልልም፦ ይህን ሰዓት መቀያየር የሚባል ነገር ለምን አያጠፉትም? የአውሮፓ ፓርላማ በ2019 ይቅር ብሎ ድምፅ አልሰጠም?

ሻርጃ፦ አሜሪካም አጥፍታዋለች፣ ሴኔቱ አጽድቋል።

ዝም አልልም፦ ሴኔቱ በ2022 አጸደቀ እንጂ የተወካዮች ምክር ቤቱ አላለፈውም። ሳታጣራ አትጻፍ።

ሻርጃ፦ ያው ነው።

መላሽ፦ ያው አይደለም። የአውሮፓውም በአባል አገራት መንግሥታት በኩል ቆሞ ቀረ። ይጠፋል ብሎ የሚጠብቅ አድሚን ማርች ላይ ኮሜንቱን ይቆጥራል። ፖለቲካውን ሌላ ቤት ውሰዱት።

ቡናዬ፦ ምሽት 2 ሰዓት እንዲወጣ 2:00 PM ሞላሁ። ቀን ላይ ወጣ። መተግበሪያው ተበላሽቷል መሰለኝ።

መላሽ፦ መተግበሪያው ደህና ነው። ምሽት 2 ሰዓት 8:00 PM ነው። ስድስት ሰዓት መጨመርና መቀነሱን ሁላችንም እናውቃለን፣ ቀን ላይ ነው የምንሳሳተው። «ዓርብ ሌሊት 8 ሰዓት» ብለህ ካሰብክ መሙላት ያለብህ ቅዳሜ 2:00 AM ነው። ለእኛ ሌሊቱ የዓርብ ነው፣ ለመተግበሪያው ግን ከ6 ሰዓት ሌሊት በኋላ ቅዳሜ ገብቷል። ዓርብ ብሎ የሞላ ሰው ፖስቱ አንድ ቀን ሙሉ ቀድሞ ይወጣበታል። ስለዚህ ከሌሊት 6 እስከ ንጋት ባለው ጊዜ የሚወጣ ፖስት ስትመድቡ ቀኑን ሁለት ጊዜ እዩ።

ሰላሜ፦ እሺ፣ ሰዓቱን እንዴት ላስተካክለው?

መላሽ፦ የትኛውን ሰዓት? የምትጠቀሚበት ምንድነው? ተመልካችሽ የት ነው? የባለ ካሜራውን መልስ አንብቢና ሦስቱን ጻፊልኝ። የከተማ ስም እንጂ ቁጥር አትምረጪ፣ ይኸው ሦስተኛዬ።

ዝም አልልም፦ ሁለተኛህ ነው።

መላሽ፦ ለሜልቦርን ስደርስ ሦስት ይሞላል።

እንግዳ፦ የእኔ መሣሪያ EST የሚል ምርጫ ሰጠኝ፣ እሱን መረጥኩ። ልክ ነኝ?

መላሽ፦ አይደለህም። ሰው በንግግር «ኢ ኤስ ቲ» ሲል የኒው ዮርክን ሰዓት ማለቱ ነው፣ በጋም ሆነ ክረምት። ኮምፒውተር ግን EST ሲባል ዓመቱን ሙሉ አምስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው የሚረዳው። በቅርቡ የ`tzdata` እትም EST ከፓናማ ጋር ተያይዟል፤ ፓናማ ሰዓት አትቀይርም። ማርች 14 ላይ የዋሽንግተን 12:00 ያልከው 13:00 ይሆናል።

ኮደሩ፦ በራሴ ሰርቨር ላይ ነው የምለቀው። ሰርቨሩ በUTC ነው። እሺ፣ አሸነፍከኝ፤ እንዴት ልሰረው?

መላሽ፦ የሰርቨሩን ሰዓት አትንካው። የsystemd ታይመሩ ላይ ከተማውን ጻፍ።

```
OnCalendar=Sat *-*-* 12:00:00 America/New_York
```

ከዚያ አትመን፣ አሳየኝ በለው።

```
systemd-analyze calendar --iterations=5 \
  "Sat *-*-* 12:00:00 America/New_York"
```

ቀጣይ አምስት ቅዳሜዎችን በUTC ይዘረዝርልሃል። ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አስኪደው። እስከ ማርች 7 ድረስ 17:00 UTC፣ ከማርች 14 ጀምሮ 16:00 UTC ካሳየህ ታስሯል። ሁሉም 17:00 ከሆነ የሆነ ቦታ ቁጥር ሞልተሃል።

የሲያትል ልጅ፦ እሑድ ሌሊት 2:30 AM ላይ የምለቀው ነገር አለኝ። ማርች ላይ ሳይወጣ ቀረ።

መላሽ፦ ማርች 8 ሲያትል ውስጥ 2:30 የሚባል ሰዓት የለም። ከ1:59 ወደ 3:00 ይዘላል። ኖቬምበር 1 ደግሞ 1:30 ሁለቴ ይመጣል፣ መሣሪያህ ሁለቴ ሊለቅ ይችላል። ወደ 4:00 ውሰደው።

ሜልቦርን፦ እኛንስ ለምን ረሳችሁን? የባለ ካሜራው ቪዲዮ ሲመጣ ሁሌ ተኝተናል።

መላሽ፦ እናንተ ከሁሉም ተቃራኒ ናችሁ። እነሱ ወደፊት ሲገፉ እናንተ ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። የዋሽንግተን ቅዳሜ 12:00 ለእናንተ ፌብሩዋሪ ላይ እሑድ 04:00 ነው። ከማርች 8 በኋላ 03:00፣ ከኤፕሪል 5 በኋላ 02:00። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተንሸራተተ። ለሁለታችሁም የሚሆን አንድ ሰዓት ፈልጎ ማግኘት ከንቱ ድካም ነው። `Australia/Melbourne` ብሎ ለብቻው የታሰረ ሁለተኛ ፖስት ያስፈልጋል።

ባለ ካሜራው፦ ሁለቴ ብለጥፍ ኮሜንቱ ለሁለት ይከፈላል። ዋሽንግተን ያለው ሰውም ያንኑ ነገር ደግሞ ያያል።

ሜልቦርን፦ ከተኛን በኋላ ከሚመጣ ይሻለናል።

መላሽ፦ ቪዲዮው አንድ ይሁን። ለሜልቦርን ጠዋት 9:00 ላይ ሊንኩን ብቻ ቴሌግራም ላይ ልቀቅ።

የቤይሩቷ፦ ያ ለእኛ ሌሊት ነው። ስልኬ ሲጮህ ማዳም ትነቃለች።

መላሽ፦ ቴሌግራም ላይ ያለ ድምፅ መላክ አለ፤ የመላኪያውን ቁልፍ ጫን አድርጎ መያዝ ነው።

ባለ ካሜራው፦ ሜልቦርን ያለው ሰውም ያለ ድምፅ ከደረሰው አያየውም እኮ።

መላሽ፦ እንግዲያው ለአውስትራሊያ ሌላ ቻናል ክፈት። ሰው ይበቃዋል ወይ የሚለውን አንተ ታውቃለህ።