ለገዢው አንተ፣ አንቺ፣ እናንተ ወይስ እርስዎ?

ጥያቄ፦ «በኢንተርኔት የቢሮ ዕቃም፣ ልብስና ስጦታም እንሸጣለን። የዕቃዎቹን መግለጫ የምጽፈው እኔ ነኝ። እስካሁን ለሁሉም "እርስዎ" እያልኩ ጽፌያለሁ፤ የሥራ ባልደረቦቼ ግን የልብሱና የስጦታው መግለጫ እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ደረቅ ሆነ አሉኝ። ወደ "አንቺ" ስቀይረው ደግሞ ወንዶችም እንደሚገዙን አስታወሱኝ። ለየትኛው ገዢ እንዴት ብዬ ልጻፍ?»

መልስ፦ የባልደረቦችዎ ስሜት ትክክል ነው፤ ይሁን እንጂ ድርቀቱን ያመጣው «እርስዎ» ብቻ ነው ብዬ አላምንም። የአክብሮት ቅርጽ ተይዞም ሞቅ ያለ ጽሑፍ መጻፍ ይቻላል፤ «አንተ» እየተባለም የቀዘቀዘ ጽሑፍ ይጻፋል። ተውላጠ ስሙን ከመምረጥዎ በፊት ገዢው መግለጫውን ካነበበ በኋላ ምን እንደሚያደርግበት ቢያስቡ ምርጫው ይቀልልዎታል።

የቢሮ ዕቃ የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ለራሱ አይደለም። መግለጫውን አንብቦ ለኃላፊው ያቀርባል፣ ከሌላ ሻጭ ዕቃ ጋር ያወዳድራል፣ ለምን ይህን እንደመረጠ ለሒሳብ ክፍሉ ያስረዳል። ስለዚህ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተወስዶ የእሱ ማስታወሻ ውስጥ መግባት መቻል አለበት። «ፍጥነቱ ያስደንቅሃል!» የሚለውን ማንም ለኃላፊው ጽፎ አያቀርብም፤ «ፍጥነቱ ያስደንቅዎታል» ቢባልም ያው ነው። «በደቂቃ 30 ገጽ ያትማል» የሚለው ግን አንድ ፊደል ሳይቀየር ይሻገራል። ለቢሮ ዕቃ መደበኛ አነጋገር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ስለሆነ፣ የመደበኛነቱም ዋና መሣሪያ ዕቃውን የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አድርጎ መናገር ነው። ማሽኑ ያትማል፣ መያዣው ይይዛል፣ ክዳኑ ይከፈታል፤ አንባቢው በሁለተኛ መደብ የሚጠራው እሱ ራሱ አንድ ነገር እንዲያደርግ ሲፈለግ ብቻ ነው።

«እርስዎ»ን በቢሮ ዕቃ መግለጫ ውስጥ ማሳነስ የሚገባበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ሰዋስዋዊ ነው። «እርስዎ» የራሱ የግሥ ቅርጽ የለውም፤ ግሡ የሚረባው ለ«እነሱ» እና ለ«እሳቸው» በሚረባበት መልክ ነው። «ያትማሉ» ሲባል እርስዎ፣ እሳቸው ወይም እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ሰዎች አሉ። «ሠራተኞችዎ ሲያትሙ ወረቀት ከተቀረቀረ የኋላ ክዳኑን ይክፈቱ» የሚለውን ይመልከቱት፤ ክዳኑን የሚከፍተው አንባቢው ነው ወይስ ሠራተኞቹ? ዓረፍተ ነገሩ አይመልስም። «ወረቀት ከተቀረቀረ የኋላ ክዳኑን ከፍቶ ማውጣት ይቻላል» ሲባል ግን ጥያቄው ራሱ አይነሳም፤ አክብሮቱም አይጓደልም።

በአንድ ፕሪንተር ላይ እንሞክረው። ብዙ ጊዜ የሚታየው አጻጻፍ የሚከተለውን ይመስላል፦

«ቢሮህን የሚያደምቅ፣ ተወዳዳሪ የሌለው ፕሪንተር! የማተም ተግባርን በከፍተኛ ፍጥነት ያከናውናል! ዛሬውኑ ይዘዙ!»

እዚህ ውስጥ ያሉት ችግሮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ግልጽ ነው፤ «ቢሮህን» ብሎ የጀመረው «ይዘዙ» ብሎ ይጨርሳል። ሁለተኛው ተሸሽጓል። «የማተም ተግባርን ያከናውናል» መደበኛ ይመስላል፤ ሆኖም «ያትማል» የሚለውን አንድ ግሥ ወደ ሦስት ቃል ከመሳብ በስተቀር የጨመረው ነገር የለም። መደበኛ አማርኛ ረዥም አማርኛ ማለት አይደለም፤ ይህንን አበክሬ የምናገረው መደበኛ ለመሆን በሚደረግ ጥረት እጅግ ብዙ ጤናማ ግሦች «ተግባርን ማከናወን» እና «አገልግሎት መስጠት» ሥር ሲቀበሩ ስለማይ ነው። ቢስተካከል እንዲህ ይሆናል፦

«ይህ ፕሪንተር በጥቁርና ነጭ በደቂቃ 30 ገጽ ያትማል፤ የወረቀቱንም ሁለት ገጽ በራሱ እያገላበጠ ያትማል። የወረቀት መያዣው በአንድ ጊዜ 250 የኤ4 ወረቀት ይይዛል። ከብዙ ኮምፒውተሮች ጋር በኔትወርክ ይገናኛል። ዋስትናው የአንድ ዓመት ሲሆን መለዋወጫ ቶነር ለብቻው ይሸጣል። ፕሮፎርማ ለማግኘት የድርጅትዎን ስምና የሚፈልጉትን ብዛት ይላኩልን።»

«እርስዎ» የመጣው በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ የመጣውም አንባቢው እንዲልክ የሚፈለግ ነገር ስላለ ነው። አንድም የቃለ አጋኖ ምልክት የለም። «ቶነር ለብቻው ይሸጣል» የሚለው ለሻጩ የሚያስደስት ባይሆንም መግባቱ አነጋገሩን የታመነ ያደርገዋል፤ ገዢው በኋላ ኃላፊው ሲጠይቀው የሚመልሰው ነውና።

ወደ ልብስና ስጦታ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። እዚህ አንባቢው ዕቃውን በእጁ ነክቶ፣ በትከሻው ላይ ጥሎ ማየት ይፈልጋል፤ ሰው እንዲያናግረውም ይጠብቃል። ሁለተኛ መደብን መሸሽ እዚህ ቅዝቃዜ ይሆናል። ይሁን እንጂ የአማርኛ ነጠላ ሁለተኛ መደብ ከ«እርስዎ» በስተቀር ጾታ ሳይለይ መናገር አይችልም። «ምረጥ» ወንድ ነው፣ «ምረጪ» ሴት ናት፤ «ያምርብሃል» እና «ያምርብሻል»ም እንዲሁ። «አንተ»ን ለሁሉም ማድረግ ሴት አንባቢን ከውይይቱ ውጭ ያቆማታል። «አንቺ»ስ? የሴቶች ቀሚስ ብቻ በሚታይበት፣ አንባቢዎቹም ወጣቶች መሆናቸው በሚታወቅበት ክፍል፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተይዞ ከቀጠለ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዕድሜ የገፉ እመቤት ከማያውቁት ሻጭ «አንቺ» ሲባሉ ቅርበት ሳይሆን ድፍረት ሊሰማቸው ይችላል። ቀሚሱን ለእህቱ የሚገዛ ወንድም ደግሞ «ስትለብሺው» የሚለውን ሲያነብ የተጻፈው ለሌላ ሰው መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

የእኔ ምርጫ «እናንተ» ነው። ጾታ አይለይም፤ የሚናገረው ለብዙ አንባቢ ስለሆነ ነጠላውን የሚደፍር አይመስልም፤ «እርስዎ» የሚያቆመውንም ርቀት አያቆምም። በስጦታ ላይ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ እንዲያውም ይህ ይመስለኛል ከሁሉም የሚበልጠው። ስጦታ ሲሸጥ ገዢውና ተቀባዩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ የሚከበር ሰው ነው። «ይህን ሻርፕ ለእናትዎ ይላኩ፤ በጣም ይወዱታል» ብንል የሚወዱት እናትየዋ ናቸው ወይስ ገዢው? ከላይ ክዳኑን ማን ይክፈተው እንዳሰኘን ሁሉ፣ የአክብሮት ቅርጹ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ግሥ ውስጥ ያደባልቃቸዋል። «ለእናታችሁ ላኩላቸው፤ በጣም ይወዱታል» ስንል ግን «ላኩ» የገዢው፣ «ይወዱታል» የእናትየዋ መሆኑ አያሻማም፤ ገዢው ቢሆን ኖሮ «ትወዱታላችሁ» እንል ነበርና። እናቱን በ«አንቺ» የሚያናግር ሰውም «ይወዱታል» በሚለው ቅር አይለውም፤ ሻጩ የእሱን እናት ቢያከብርለት ደስ ይለዋል እንጂ።

የሻርፑን መግለጫ ከደረቁ ልጀምር፦

«ምርቱ ከጥጥ የተመረተ ሲሆን ለተለያዩ ዝግጅቶች አገልግሎት ይሰጣል። ለሚወዱት ሰው ይግዙ።»

«ለተለያዩ ዝግጅቶች አገልግሎት ይሰጣል» የሚለው ለወንበርም፣ ለድምፅ ማጉያም ሊጻፍ ይችላል፤ ስለ ሻርፕ ምንም አይናገርም። ድርቀቱም ያለው እዚህ ነው። በእኔ እጅ ቢጻፍ ይህን ይመስላል፦

«ለስላሳ የጥጥ ሻርፕ ነው። አንገት ላይ ሲጠመጠም አይከብድም፤ ትከሻ ላይ ስትጥሉት ደግሞ እስከ ወገብ ይወርድላችኋል። ርዝመቱ 180፣ ወርዱ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል፣ ጥላ ላይ ይሰጣል። ለእናታችሁ ከሆነ የምትገዙት በስጦታ ወረቀት ጠቅልለን እንልክላቸዋለን፤ የምትሏቸውንም ቃል ጻፉልን፣ በካርዱ ላይ እናሰፍረዋለን።»

ልኬቱና የአጠባበቁ መመሪያ በፕሪንተሩ መግለጫ ላይ እንዳየነው ዕቃውን ባለቤት ያደረገ መሆኑን ልብ ይበሉ። ወዳጅነት በየዓረፍተ ነገሩ መታየት የለበትም፤ ቁጥር ባለበት ቦታ ገዢው የሚፈልገው ቁጥሩን ነው። «የኔ ቆንጆ»፣ «ውዶቼ» የመሳሰሉ ማቆላመጫዎችም አያስፈልጉም፤ «ይወርድላችኋል» እና «እናሰፍረዋለን» ውስጥ ያለው የመነጋገር ስሜት ይበቃል።

አንድ ጽሑፍ መንገዱን መሳቱን ለማወቅ የግሥ መነሻዎችንና መድረሻዎችን፣ የስም ቅጥያዎችንም ብቻ እየተከተሉ ጮክ ብለው ያንብቡት። ስህተቱ የሚፈጠረው ትእዛዙ ላይ እምብዛም አይደለም፤ ጸሐፊው «ምረጡ» ወይም «ይምረጡ» ሲል እያሰበበት ነው። የሚያመልጠው ከዋናው ግሥ በፊት በሚመጡት ጥገኛ ግሦችና በስም ላይ በሚለጠፉት የባለቤትነት ቅጥያዎች ላይ ነው። «ስትፈልጉ ይደውሉ» እና «መጠናችሁን ይምረጡ» እጅግ የተለመዱ ስህተቶች ናቸው፤ አንዱ ተመርጦ «ስትፈልጉ ደውሉ» ወይም «ሲፈልጉ ይደውሉ»፣ «መጠናችሁን ምረጡ» ወይም «መጠንዎን ይምረጡ» መባል አለበት። በገጹ ላይ ያሉት «ላክ» እና «አስቀምጥ» የሚሉ አዝራሮች ግን አያሳስቡዎት፤ እነሱ ተጠቃሚው ኮምፒውተሩን የሚያዝዝባቸው ቃላት ናቸው እንጂ ሻጩ ገዢውን የሚያናግርባቸው አይደሉም።

«እናንተ» የሚያበቃበት ቦታ ግን አለ። ሻርፑን ያዘዘች ሴት ስሟን ጽፋ፣ ከፍላ ከጨረሰች በኋላ የሚደርሳት መልእክት ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው። ያን ጊዜ ስሟን ጠርቶ «ትዕዛዛችሁ ደርሶናል» ማለት ብዙ ሰው አብሯት የቆመ ያስመስላል፤ «አንቺ» ማለትም በመግለጫው ያልነበረ ድፍረት ነው። ስለዚህ ከትዕዛዝ ማረጋገጫው ጀምሮ፣ ዕቃው ቢዘገይ ወይም ተበላሽቶ ቢደርስ በሚላከው የይቅርታ መልእክትም ጭምር፣ ወደ «እርስዎ» ይሻገሩ፦ «ትዕዛዝዎ ደርሶናል። ሻርፑን ነገ ለእናትዎ እንልክላቸዋለን፤ እንደደረሳቸውም እናሳውቅዎታለን።» ሁለት የሚከበሩ ሰዎች እዚህም አብረው ቢገኙም አይደባለቁም፤ የሚላከውም የሚያሳውቀውም ሻጩ ስለሆነ ሁለቱ የሚለዩት በ«-ቸው» እና በ«-ዎት» ነው፤ እነዚህ ቅጥያዎች ደግሞ እንደ ግሡ ቅርጽ አንድ አይደሉም።