ራጁ ንጹሕ ነው ተብሎ ኤምአርአይ ለምን ይታዘዛል?

«ወንድሜ ወገቡን ካመመው ወራት አልፈዋል። ራጅ ተነሥቶ ‹ምንም የለብህም› ተባለ። አሁን ሌላ ሐኪም ኤምአርአይ አዘዘለት። ዋጋውን ስንሰማ ደነገጥን። ራጅ ያላሳየውን ኤምአርአይ ምን ያሳያል? ወይስ ገንዘብ ማስወጫ ነው?»

ሰላም እህቴ። የምሠራው ኤምአርአይ ክፍል ውስጥ ነው። ማሽኑን የማንቀሳቅስ ራዲዮግራፈር እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ ወንድምሽ ሕመም መፍረድ አልችልም። ግን የአንድን ሰው ራጅና ኤምአርአይ ጎን ለጎን ከፍቶ ማየት የዘወትር ሥራዬ ስለሆነ፣ ልዩነቱን ልንገርሽ።

ራጅ ጎበዝ የሆነው ካልሲየም ላይ ነው። ካልሲየም ያለበት ቦታ ጨረሩን ይይዘዋል፤ ስለዚህ አጥንት ነጭ ሆኖ ይወጣል። አየር ያለበት ቦታ፣ ለምሳሌ ሳንባ፣ ጥቁር ይሆናል። ከዚያ ውጭ ያለው ጡንቻ፣ ነርቭ፣ ደም፣ መግል ሁሉ የተቀራረበ ግራጫ ነው። የወገብ ራጅ ላይ በአጥንቶቹ መካከል እንደ ትራስ ያለው ዲስክ ራሱ አይታይም። የሚታየው በሁለት አጥንቶች መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ጠቦ ከተገኘ «ዲስኩ ሳይጎዳ አይቀርም» ብሎ መገመት ነው። ነርቭ ደግሞ ጭራሽ የለም። ዲስክ ወጥቶ ነርቭ ተጭኖ፣ ሰውየው እስከ እግሩ ጣት ድረስ እየነዘረው፣ ራጁ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። «ምንም የለብህም» ያሉት ሰዎች አልዋሹም። ማለት የነበረባቸው ግን «ራጁ ላይ የሚታይ ነገር የለም» ነበር።

ኤምአርአይ ጨረር አይጠቀምም። ትልቅ ማግኔት አለ፤ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ ከሰውነት ውስጥ የሚመለሰውን ሞገድ ያዳምጣል። 1.5 ቴስላ የሚባለው ማሽን የሚሠራው 64 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከኤፍኤም ጣቢያዎቻችን ትንሽ ዝቅ ብሎ ማለት ነው። ክፍሉ ዙሪያውን በመዳብ የሚለበጠውም የውጭ ሬዲዮ ገብቶ እንዳይረብሸው ነው። ያ የሚመለስ ሞገድ የሚመጣው ከሃይድሮጅን ነው። ሃይድሮጅን በብዛት ያለው ደግሞ ውሃና ስብ ውስጥ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ቦታ ሲታመም መጀመሪያ የሚለወጠው ውሃው ነው። ቦታው ይቆጣል፤ ውሃ ያቁራል። አጥንቱ የሚበላው ቆይቶ ነው። ራጅ ላይ አጥንት «ተበልቷል» ተብሎ እንዲታይ ከማዕድኑ ከ30 እስከ 50 ከመቶ የሚሆነው መጥፋት አለበት። እስከዚያ ድረስ በሽታው ውስጥ ውስጡን እየሠራ ራጁ ዝም ይላል።

አንድ የማስታውሰውን ልንገርሽ። ወጣት ነው፤ ወገቡን ካመመው ወራት ሆኖታል። ሥራው ዕቃ ማንሳት ስላለበት ሁሉም «ጡንቻ ነው» ብሎታል። ማታ ማታ ያልበዋል። ከስቷል፤ እሱ ግን ክሳቱን ለድካም ሰጥቶታል። ራጁን ይዞ መጥቶ ነበርና ከኤምአርአዩ በኋላ መልሼ አየሁት። አሁንም ምንም የለም። የአጥንቶቹ ጠርዝ እንዳለ ነው፤ ክፍተቱም እንዳለ ነው። ራጁን ያነበበው ሰው ምንም አልሳተም።

እኛ አንድ ቦታ በተለያየ መንገድ ነው የምናነሣው። ቲ-ዋን በሚባለው ሥዕል ስብ ነጭ ይሆናል። የትልቅ ሰው የአከርካሪ አጥንት መቅኔ ብዙ ስብ ስላለው እዚያ ላይ ፈካ ብሎ መታየት አለበት። የእሱ ሁለተኛውና ሦስተኛው የወገብ አጥንት፣ ፊት ለፊት በሚገናኙበት በኩል፣ ጠቁረዋል። ቀጥሎ ስተር የሚባለውን አነሣን። ይሄኛው የስቡን ብርሃን አጥፍቶ ውሃውን ብቻ ያስቀራል። ያ የጠቆረው ቦታ አሁን ቦግ ብሎ በራ። ስቡ የነበረበትን ቦታ ውሃ ወስዶታል ማለት ነው። ካልሲየሙ ግን ገና አለ። ለዚህ ነው ራጁ ያላየው።

ከአጥንቱ ፊት ለፊት ደግሞ ቀጭን ነጭ መስመር አለ። አከርካሪውን ከፊት ከሚያስረው ረጅም ጅማት ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። ወገቡን አግድም በቆረጥነው ሥዕል ላይ፣ ከአከርካሪው ጎን ወደ ዳሌ የሚወርደው ትልቁ ጡንቻ በግራ በኩል አብጧል። መሃሉ ላይ ፈሳሽ ቋጥሯል። ጋዶሊኒየም የሚባለውን መድኃኒት በደም ሥር ሰጥተን ስናነሣው የፈሳሹ ዙሪያ እንደ ቀጭን ቀለበት በራ፤ መሃሉ ጨለማ ሆኖ ቀረ። ደም የሚደርሰው ግድግዳው ጋ እንጂ መሃሉ ጋ አይደለም። ይህ መግል ነው።

ዲስኩ ግን ቁመቱን ያን ያህል አላጣም። ይህች ትንሽ ነገር ሥዕሉን የሚያነበውን ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስቱን፣ ነቃ አደረገችው። እንደ ስታፍ ያሉት ተራ ባክቴሪያዎች ዲስኩን ቶሎ ይበሉታል። የቲቢ ባክቴሪያ ግን ዲስክ የሚያሟሟ ኢንዛይም ስለሌለው መጀመሪያ ላይ ይተወዋል። ጅማት ሥር እየሾለከ ወደ አጎራባች የአከርካሪ አጥንት መሄድ፣ ወደ ጡንቻው ወርዶ ትኩሳትና መቅላት የሌለው መግል መቋጠር ደግሞ ጠባዩ ነው። ሪፖርቱ «የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል» ብሎ ወጣ።

«ሊሆን ይችላል» የምትለዋን ልብ በይ። ኤምአርአይ የተቆጣውን ቦታ ያሳያል እንጂ የተህዋሲውን ስም አይናገርም። እኛ ሀገር ደግሞ ያልፈላ ወተት የሚጠጣ፣ ከብት የሚያረባ ሰው ጋ ብሩሴላ የሚባለው ተህዋሲም እዚሁ ወገብ ላይ ተቀራራቢ ሥዕል ይሰጣል። ስለዚህ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ጂን-ኤክስፐርት የሚባለው የቲቢ ምርመራ ተሠራለት። ቲቢ ነበር። መድኃኒት ጀመረ። ነርቭ ላይ የተጫነ ነገር አልነበረም፤ አጥንቱም ገና አልተናደም። ያው ሰው ራጁ እስኪያሳየው ቢጠብቅ ኖሮ አጥንቱ ወደ ፊት ተንዶ ጀርባው ሊጎብጥ ይችል ነበር።

የወንድምሽም እንዲህ ነው እያልኩ እንዳይመስልሽ! አብዛኛው የወገብ ሕመም ቲቢም ካንሰርም አይደለም። ኤምአርአይ ሌላ ጣጣ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ አብዝቶ ያያል። ጤነኛ ዲስክ መሃሉ በውሃ የተሞላ ስለሆነ ቲ-ቱ በሚባለው ሥዕል ነጭ ነው። ዕድሜ ሲመጣ ይደርቅና ይጠቁራል፤ ትንሽም ገፋ ብሎ ይወጣል። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በ2015 አንድ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ፣ በ20 ዓመት ዕድሜ ላይ ካሉት 30 ከመቶው፣ በ80 ዓመት ካሉት ደግሞ 84 ከመቶው የተገፋ ዲስክ ነበራቸው። ወገባቸውን የማያማቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «ዲስክ ባልጅ» የሚል ስታዩ አትደንግጡ። መጠየቅ ያለበት «የወጣው ዲስክ የነካው ነርቭ፣ ሕመሙ ከሚወርድበት መስመር ጋር ይገጥማል ወይ?» የሚለው ነው። ለምሳሌ በአምስተኛው የወገብ አጥንትና ከሱ በታች ባለው አጥንት መካከል የወጣ ዲስክ ብዙ ጊዜ የሚነካው ነርቭ ሕመሙን በእግር ኋላ አውርዶ ተረከዝና ትንሿ ጣት ጋ ያደርሰዋል። ሰውየው የሚያመው ግን የጭኑ ፊት ከሆነ፣ ያ ዲስክ ጥፋተኛው ላይሆን ይችላል። ይህን የሚያገናኘው በእጁ የመረመረው ሐኪም ነው። ማሽኑ አያውቀውም።

ገንዘብ ማስወጫ ነው ወይ ላልሽው፦ ወገቡን ያመመው በዚህ ሳምንት ቢሆንና ሌላ ምልክት ባይኖረው፣ አዎ፣ አያስፈልግም ነበር። ራጁም ቢሆን አያስፈልግም። አብዛኛው በስድስት ሳምንት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። ወራት ካለፈውና ካልተሻለው ግን ሐኪሙ ማዘዙ አይገርምም። በተለይ ክሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ተኝቶም የማይለቅ ሕመም ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት ካንሰር ታክሞ ከሆነ አትዘግዩ። እግሩ ከከዳው፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው፣ ወይም መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘው ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ራጅ ዋጋ የለውም እያልኩም አይደለም። ወድቆ የተሰበረ አጥንት ሲሆን መጀመሪያ የሚነሣው ራጅ ነው። ካልሲየም ኤምአርአይ ላይ ጨለማ ስለሆነ ትንሽ የአጥንት ስባሪ ሊያመልጠን ይችላል። እንዲያውም አንዳንዴ ኤምአርአይ ከማንሣታችን በፊት ራጅ የምናዘው እኛው ነን። ብየዳ ሲሠራ ብረት ዓይኑ ውስጥ የገባበት ሰው ከመጣ፣ ቅንጣቷ እዚያው ቀርታ እንደሆነ በራጅ ይታያል። ማግኔቱ ከሳባት ዓይኑን ልትጎዳው ትችላለች።

ወንድምሽ ሲሄድ ይህን ሳይደብቅ ይናገር፦ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ የተገጠመ ክሊፕ፣ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ፣ አጥንቱን ያሰሩበት ብረት። ብረት ሁሉ አይከለክልም፤ ግን ምን እንደሆነ አስቀድመን ማወቅ አለብን። ክታብ ካለው አስቀድሞ ያውልቅ። በቆዳ የተሰፋው ውስጥ ብረት የሚያስገቡ አሉ፤ በር ላይ ቆመን ስንከራከር ጊዜ ይሄዳል። ውስጥ የሚቆየው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ ጋዶሊኒየም ከተሰጠ ይረዝማል። ማሽኑ በጣም ይጮኻል፤ የጆሮ መከላከያ ይሰጠዋል። ከተንቀሳቀሰ ሥዕሉ ይደበዝዝና ያንኑ መድገም ይመጣል። ተኝቶ መቆየት የማይችለው ከሕመሙ የተነሣ ከሆነ፣ ማስታገሻ አስቀድሞ እንዲወስድ ሐኪሙን ይጠይቅ። ጠባብ ቦታ የሚያስፈራው ከሆነም ከመተኛቱ በፊት ይንገረን። እጁ ላይ የምትጨመቅ መጥሪያ አለች፤ ከተጫናት እናወጣዋለን።

የድሮውን ራጅ ፊልም ይዞ ይሂድ። ከማዘዣው ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ ሐኪሙ ከየት እስከ የት እንደሚያመው፣ ክሳትና ላብ ካለም እሱን እንዲጨምርበት ይጠይቀው። ጋዶሊኒየም ይሰጥ አይሰጥ የሚወሰነው በዚያ ነው። ሲጨርስ ከሪፖርቱ ጋር ሲዲውንም ተቀበሉ። ለሌላ ሐኪም ማሳየት ቢያስፈልግ ድጋሚ አትከፍሉም።