ሳሎን ውስጥ ማርፈድና ጠብ፦ ወረቀቱ የታለ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ አራት ሠራተኞች ያሉት የሴቶች የውበት ሳሎን አለኝ። አንዷ ልጅ ሁለት ዓመት ሠርታለች፤ ሁልጊዜ ታረፍዳለች። በቃል ስንት ጊዜ ተናግሬአታለሁ፣ ቀጥቻታለሁም። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ደንበኛ ፊት ከሌላዋ ልጅ ጋር ተጣልታ አሳፈረችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቷ እንድትቀመጥ አድርጌአለሁ። ላሰናብታት እፈልጋለሁ፤ የቤት ደንብም ላወጣ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ዛሬውኑ ያድርጉ፤ ልጅቷን በጽሑፍ ወደ ሥራ ይጥሯት። «ቤትሽ ተቀመጪ» የሚለው ቃል ለእርስዎ ማብረጃ ሊመስልዎት ይችላል። ፍርድ ቤት ፊት ግን ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ምክንያት ያሰናበቷት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። «ከዚህ ቀን ጀምሮ በጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ሥራ ላይ እንድትገኚ፤ የቅዳሜው ጉዳይ እየተጣራ ነው» የሚል ሁለት መስመር ጽፈው፣ ቀን አስገብተው፣ ፈርመው ይስጧት። ደብዳቤው የደረሳትን ቀን በራሷ እጅ ጽፋ እንድትፈርም ያድርጉና ቅጂውን ያስቀምጡ። ቤት የተቀመጠችባቸውን ቀናት ደመወዝ ለመቁረጥም አይቸኩሉ።

ደብዳቤዎ ላይ የሌሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ የእኔ ጭንቀት እነሱ ላይ ነው። የሥራ ውል በጽሑፍ አላችሁ ወይ? «ቀጥቻታለሁ» ያሉት ምን ማለት ነው? የተጣላቻት ሌላዋ ልጅስ ምን ሆነች? ስለ እሷ አንድም ቃል አልጻፉም። ዘመድዎ ከሆነች ወይም ብዙ ደንበኛ የምታመጣልዎ ከሆነች፣ እውነቱን ለጠበቃዎ አሁኑኑ ይንገሩ። አንድ ጠብ ላይ ሁለት ሰው ተሳትፎ አንዷ ብቻ ስትባረር ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሕጉን በአጭሩ ላስቀምጠው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አራት ሠራተኛ ላለው ሳሎንም ይሠራል። አንቀጽ 27 ያለ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚቻልባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱ እርስዎን ይመለከታሉ። አንደኛው፣ በቂ ምክንያት ሳይኖር በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ ነው፤ ያውም ስለዚሁ ጥፋት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጣት። ሁለተኛው፣ እንደ ነገሩ ክብደት እየታየ በሥራ ቦታ ለተነሳ ጠብ ወይም አምባጓሮ ተጠያቂ መሆን ነው። በሁለቱም ስንብቱ ምክንያቱንና ቀኑን ጠቅሶ በጽሑፍ መሰጠት አለበት። ምክንያቱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀን ካለፈ ደግሞ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብትዎ ይቀራል።

አሁን ወደ ወጥመዱ። የሳሎን ባለቤቶች ሁሌም እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ «በቃል ስንት ጊዜ ተናግሬአታለሁ» ይላሉ። በጥቅምት ይታገሣሉ፣ በጥር የሰርግ ሥራ ስለሚበዛ እጅ እንዳያጡ ዝም ይላሉ፣ አንድ ቀን ጠብ ሲነሳ የዓመቱን ብሶት በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። ሕጉ የሚቆጥረው ግን የተጻፈውን ነው። ልጅቷ ሃያ ጊዜ አርፍዳ አንድም ደብዳቤ ከሌለ፣ በማርፈድ ምክንያት ለማሰናበት የሚያስችልዎ ነገር የለዎትም ብለው ያስቡ። እህቴ፣ ይህን ስል ልቆጣዎት አይደለም። ነገር ግን ስድስት ወር ሙሉ አምስት ደቂቃ ወስደው አንድ ወረቀት ባለመጻፍዎ ነው አሁን እጅዎ የታሰረው።

ከዚህ የባሰ ስህተት ደግሞ አለ። አንዳንዶች የወረቀቱን ነገር ሲሰሙ ቁጭ ብለው ወደ ኋላ ቀን እየጻፉ ስድስት ሰባት ማስጠንቀቂያ በአንድ ቀን ያዘጋጃሉ፤ ሌሎቹን ሠራተኞችም በምስክርነት ያስፈርማሉ። ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ የእጅ ጽሑፍ፣ አንድ ዓይነት ወረቀት ሆኖ ይታያል። ምስክሯ መስቀለኛ ጥያቄ ሲቀርብላት ትናገራለች። ያኔ ክርክሩ ከማርፈድ ወጥቶ ሐሰተኛ ሰነድ ወደማዘጋጀት ይሄዳል፤ እሱ የወንጀል ጉዳይ ነው።

ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር እንየው። ልጅቷ በወር 6,000 ብር ታገኛለች እንበል። በ30 ብናካፍለው የቀን ደመወዟ 200 ብር ነው። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ወደ ሥራ ካልተመለሰች፣ ካሳው የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ ነው፤ ይህም 36,000 ብር ይሆናል። ሁለት ዓመት ስለሠራች የማስጠንቀቂያ ጊዜዋ ሁለት ወር ነውና 12,000 ብር ይጨመራል። ድምሩ 48,000 ብር ሲሆን፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ገና አልተነካም። በፐርሰንት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የቀን አማካይ ገቢዋ ሊያድግ ስለሚችል፣ የክፍያ መዝገብዎን ይዘው በጠበቃ ያስሰሉት።

ስለ «ቅጣቱ»። አንቀጽ 59 ከደመወዝ መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛዋ የጽሑፍ ስምምነት ሲኖር ነው ይላል። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም። የእርስዎ ደንብ ገና አልወጣም፤ ስለዚህ እስካሁን የቆረጡት በምን መሠረት ነው? የቆረጡበትን ቀንና መጠን አሁኑኑ ይዘርዝሩ። መመለስ ካለበት ሳይጠየቁ መመለሱ ይሻላል።

ወደ ደንቡ እንምጣ። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ የሰዓቱ አንቀጽ ግን ቃል በቃል መጻፍ አለበት። ለምሳሌ፦

«የሥራ መግቢያ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡00 በሀገራችን አቆጣጠር ነው። እስከ 2፡10 የገባች አላረፈደችም። ከ2፡10 በኋላ የገባች አርፍዳለች፤ የገባችበት ሰዓት በመዝገቡ ላይ ተጽፎ ሠራተኛዋና ኃላፊዋ ይፈርማሉ። በሕክምና ወረቀት የተደገፈ ሕመም፣ ድንገተኛ ሐዘን፣ የመንገድ መዘጋት ወይም የትራንስፖርት መቆም በቂ ምክንያት ነው፤ ሠራተኛዋ ከ2፡00 በፊት በስልክ ማሳወቅ አለባት፤ መደወል ካልቻለች እንደደረሰች ታስረዳለች።»

«በሀገራችን አቆጣጠር» የሚለው ቃል ትርፍ አይደለም። መዝገቡ ላይ 2፡35 ብለው ይጽፋሉ፣ ስልክ ላይ ያለው መልእክት 8፡40 ይላል፤ ሁለቱ ሰነዶች አንድ ላይ ሲቀርቡ ማን ምን እንዳለ ይምታታል። የመንገዱንም ነገር አይዝለሉት። ልጅቷ ከአባይ ማዶ የምትመጣ ከሆነና ባጃጅ በቆመበት ጠዋት ካረፈደች፣ ያንን ቀን ከስምንቱ ውስጥ መቁጠር ሙሉ ቆጠራውን ያጠራጥራል።

ደንቡን ጥቅምት 1 አስፈረሙ እንበል። ጥቅምት 8 ልጅቷ 2፡40 ገባች፤ በዚያው ቀን የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ይጽፋሉ፦ ቀኑ፣ የገባችበት ሰዓት፣ የሰጠችው ምክንያት፣ የተጣሰው የደንቡ አንቀጽ፣ ስንተኛ ጊዜ እንደሆነ። በቀጣዮቹም እንዲሁ። አልፈርምም ካለች አያስገድዷት፤ «ተነብቦላት አልፈርምም ብላለች» ተብሎ በቦታው የነበሩ ሁለት ሰዎች ይፈርሙ። ስምንተኛው መጋቢት 20 ቢሆን ስምንቱም በስድስት ወሩ ውስጥ ናቸው። ሚያዝያ 15 ቢሆን ግን የጥቅምት 8ቱ ከስድስት ወሩ ወጥቷል፤ በእጅዎ ሰባት ብቻ ቀረ ማለት ነው። መጋቢት 20 ከሞላ ደግሞ የ30 የሥራ ቀኑ ቆጠራ ከዚያው ይጀምራል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሳሎን አምስት ሳምንት ያህል ነው። «ከፋሲካ ሥራ በኋላ አሰናብታታለሁ» ብለው ቢያቆዩት ሊያመልጥዎ ይችላል።

ጠቡን በተመለከተ፣ ሳሎን ውስጥ ጠብ ባመዛኙ የሚነሳው ከደንበኛ ነው። አንዷ ሠራተኛ ደንበኛዋን ካስክ ውስጥ አስገብታ ምሳ ስትወጣ ሌላዋ ፎኑን ትጨርስና ፐርሰንቱ የማን እንደሆነ ይጠፋል። ወይም ለሹሩባ በስሟ የመጣችላትን ደንበኛ ሌላዋ ታስቀምጣለች። የቅዳሜው ጠብ መነሻ ይህ ከሆነ ባዶውን ቦታ የተዉት እርስዎ ስለሆኑ፣ ልጅቷን ብቻ «ተጠያቂ» ማለት ይከብዳል። በደንቡ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ በስም የመጣች ደንበኛ ስሟ የተጠራው ሠራተኛ ናት፤ ስም ያልጠራች በተራ መዝገብ ትስተናገዳለች፤ ሥራው በሁለት ሰው ከተሠራ ፐርሰንቱ ይህን ያህል በዚህ ይከፈላል። ያረፈደች ተራዋ ከገባችበት ሰዓት ይጀምራል የሚለውንም ይጨምሩ፤ ይህ አንዷ ስታረፍድ ሌላዋ የምታኮርፍበትን ምክንያት ይቀንሳል።

ለቅዳሜው ግን ደንቡ ወደ ኋላ አይሠራም። ሁለቱም ልጆች ለየብቻቸው፣ አንዷ የሌላዋን ሳታነብ፣ የሆነውን በራሳቸው ቃል ይጻፉ። የቀሩት ሁለቱም ያዩትን ይጻፉ። ማን ጀመረ፣ ስድብ ብቻ ነበር ወይስ እጅ ተነሳ፣ መቀስ ወይም የጋለ ብረት ተያዘ ወይ የሚሉት ነገሮች የክብደቱ መለኪያ ናቸው። የቃል ጭቅጭቅ ብቻ ከሆነ ለሁለቱም እኩል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንጂ ስንብት ላይ እንዲደርሱ አልመክርም። ጉዳት ያደረሰ ድብደባ ከነበረ የሕክምናውን ወረቀት ይያዙና ውሳኔውን ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ ቀኑ ከቅዳሜ ጀምሮ እየተቆጠረ ነው።

የሥራ ውል በጽሑፍ ከሌላችሁም ይህን አጋጣሚ ይጠቀሙበት። አዋጁ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ፣ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ የደመወዙን መጠንና አከፋፈሉን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛዋ እንዲሰጥ ያዛል። ሁለት ዓመት ዘግይቷል፤ ቢሆንም ለአራቱም በአንድ ቀን ያዘጋጁ። ለአንዷ ብቻ ቢሰጡ መባረሯን እያዘጋጁ ይመስላል።

ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የሚይዙት፦ የስድስት ወር የክፍያ መዝገብ፣ የቆረጡት ገንዘብ ዝርዝር፣ በቴሌግራምም ሆነ በስልክ የተለዋወጣችሁት መልእክት ሳይጠፋ፣ የአራቱ ሰዎች የጽሑፍ ቃል፣ እና ዛሬ የሚጽፉላት የመጥሪያ ደብዳቤ ፊርማዋ ያለበት ቅጂ። ደንቡንም ከማስፈረምዎ በፊት ያሳዩት። ልጅቷ ተመልሳ ከመጣች በኋላ የመጀመሪያውን ሳምንት መዝገቡን ራስዎ ይያዙ፤ ለሌላዋ ተጣይ አይስጡ።