የሳሎኑ ዋጋ ስንት ነው? አብሮ የሚሄደውስ ምንድን ነው?

«ዘጠኝ ዓመት የሠራሁበትን የውበት ሳሎን ልሸጥ ነው። ገዢዋ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራች ልጅ ናት። በወር ከወጪ ቀሪ 60 ሺህ አገኛለሁ። ስለዚህ ለዕቃው ሌላ፣ ለስሙ ደግሞ የአንድ ዓመት ትርፍ፣ ማለትም 720 ሺህ ልጠይቅ አስቤያለሁ። የ600 ደንበኞች ስልክም አስረክባታለሁ። ደንበኞቼ እኔን ብለው ነው የሚመጡት። ዋጋው ተገቢ ነው? ውሉ ላይስ ምን ይግባ?»

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሸጡ በኋላ ምን ሊሠሩ እንዳሰቡ የሚነግረኝ አንድም ቃል አጣሁ። እህቴ፣ ረስተውት አይመስለኝም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳይኖር ደግሞ ስለ ዋጋው ማውራት አይቻልም። እመለስበታለሁ፤ በመጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እንጨርስ።

ዕቃው የሚገመተው በተገዛበት ሳይሆን ዛሬ ያገለገለ ሆኖ በሚሸጥበት ዋጋ ነው። ወንበሮቹን፣ ካስኮቹን፣ መስተዋቶቹን አንድ በአንድ ይመዝግቡ፤ የተገዙበትን ዓመትና ደረሰኙን አብረው ያስቀምጡ። ጊዜው ያለፈበት ቀለም ከዝርዝሩ ይውጣ። ግድግዳና ቧንቧ ላይ የተተከለ የፀጉር ማጠቢያ ግን የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ የኪራይ ውሉን ሳያነቡ እንዳይሸጡት። የኪራይ ውሉን ካነሳን አይቀር፣ አከራዩ ገዢዋን እንደሚቀበል በጽሑፍ ካልሰጠ ቤቱን አላስረከቡም ማለት ነው። አስቀድመው ገንዘብ የተቀበሉባቸው የአገልግሎት ጥቅሎችና የስጦታ ካርዶች ካሉ እዳ ናቸውና ከዋጋው ይቀነሳሉ።

አሁን ወደ 720 ሺህዋ እንምጣ። ሳሎን የሚሸጡ ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይሄ ነው።

60 ሺህ ይቀረኛል ሲሉ የራስዎን ደመወዝ ቀንሰዋል? እንዳልቀነሱ እገምታለሁ። እርስዎ ቀኑን ሙሉ ቆመው ፀጉር ይሠራሉ፣ ቀጠሮ ይይዛሉ፣ ሂሳብ ይዘጋሉ። በእርስዎ ቦታ በሙያው እኩልዎ የሆነች ሠራተኛ ብትቀጠር በወር 38 ሺህ ትጠይቃለች እንበል። ያኔ ሳሎኑ ራሱ የሚያተርፈው 22 ሺህ ብቻ ነው፤ በዓመት 264 ሺህ። የተቀረው የእጅዎ ዋጋ ነው። እጅዎን ደግሞ አልሸጡም፤ ይዘውት ይወጣሉ።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እርስዎ ግን በገዛ ብዕርዎ «እኔን ብለው ነው የሚመጡት» ብለውኛል። ለሻጭ ኩራት ነው፤ ለገዢ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የወሩ ጠቅላላ ገቢ 200 ሺህ ቢሆንና 90ው በእርስዎ እጅ የሚገባ ቢሆን፣ ከእሱ ግማሹ ተከትሎዎት ሲሄድ 45 ሺህ ጠፋ ማለት ነው። ለቀለምና ለሻምፑ የሚወጣ ወደ 6 ሺህ ቢቀንስም 39 ሺህ ይጎድላል። 22 ሺህ ያተርፍ የነበረው ሳሎን በወር 17 ሺህ ይከስራል። ሰዎች ጉድዊል የሚሉት መልካም ስም ዋጋ የሚኖረው እርስዎ በሌሉበትም ደንበኛው በዚያው በር የሚገባ ከሆነ ነው።

ሌላም ያላነሱት አለ። ልጅቷ አምስት ዓመት ስትሠራ የራሷን ደንበኞች አፍርታለች። ከ600ው ውስጥ እሷን ጠይቀው የሚመጡት ስንት ናቸው? የራሷን ደንበኞች መልሰው እየሸጡላት መሆኑ አንድ ቀን ይገባታል። የሚገባት ከፈረመች በኋላ ከሆነ ክርክሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል።

ስለዚህ ስልክዎን ትተው የቀጠሮ ደብተሩን ይክፈቱ። ባለፉት 12 ወራት ቢያንስ ሁለቴ የመጡትን ብቻ ይቁጠሩ። ከ600ው 180 ቢገኙ አይደንግጡ፤ የአንድ ጊዜ መጪና የተቀየረ ቁጥር ስልክ ውስጥ ይከማቻል። ከዚያ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ማን እንደሠራላት ይጻፉ።

በነገራችን ላይ፣ ከስልክ ቁጥሩ ይልቅ ዋጋ ያለው ያ የቀለም ደብተር ነው። «ቁጥር 6 አንድ እጅ፣ ቁጥር 7 ግማሽ እጅ፣ ባለ 6 በመቶ ኦክሲዳንት፣ 35 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈላት ሴት ቀለሟ እንደለመደችው ከወጣላት ሌላ ቤት የምትሄድበት ምክንያት የለም። ግን እዚያው ደብተር ላይ «ይህ ቀለም ያሳክካታል» የሚል ካለ የጤና መረጃ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ባለበት አገር ስልክም ሆነ እንዲህ ያለ ማስታወሻ ደንበኛዋ ሳታውቅ ለሌላ አይተላለፍም። አስቀድመው ያሳውቁ፤ ፈቃድ የሚያስፈልግበትን በጽሑፍ ይቀበሉ። በሚኖሩበት ቦታ ሕጉ ምን እንደሚል ጠበቃዎን ሳይጠይቁ ዝርዝሩን በስልክ እንዳይልኩላት።

አሁን ወደተዘለለችው ጥያቄ። ሸጠው ማረፍ ነው ሐሳብዎ? ወይስ ጥቂት ቆይቶ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ሌላ መክፈት? ሁለተኛው ከሆነ ዛሬውኑ ይናገሩ። ገዢዋ የአለመወዳደር ግዴታ እንዲገባ መጠየቋ አይቀርም፤ ትክክልም ናት። ለስም ገንዘብ ተቀብሎ ያንኑ ስም ይዞ መሄድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ዝም ብለው አይፈርሙ። ግዴታው ለምን ያህል ጊዜ፣ በምን ያህል ርቀትና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ይጻፍ። «ዕድሜ ልክ፣ የትም ቦታ» የሚል ግዴታን ብዙ ፍርድ ቤቶች አያጸኑትም፤ ይህን ተማምኖ መፈረም ግን ቁማር ነው።

ዋጋውን ደግሞ ከሚቀሩት ደንበኞች ጋር ያያይዙት። የዕቃው በርክክቡ ቀን ይከፈል። ለስሙ በተስማማችሁበት 264 ሺህ ውስጥ 100ው ስትፈራረሙ፣ 164ቱ በስድስተኛው ወር ይሁን እንበል። ከ180ዎቹ 144 ከተመለሱ ሙሉው ይከፈልዎታል። 108 ብቻ ከተመለሱ የ144ቱ ሦስት አራተኛ ነውና ከ164ቱ 123 ሺህ ይደርስዎታል። የእሷ የነበሩትን ደንበኞች ከዚህ ቆጠራ አስቀድማችሁ አውጧቸውና ዋጋውንም ቁጥሩንም በዚያው ልክ አስተካክሉ። ከሽያጩ በኋላ የቀጠሮ ደብተሩ በእጇ ስለሚሆን፣ በየወሩ የማየት መብት እንዳለዎት ውሉ ላይ ይስፈር። አለበለዚያ ስንት እንደተመለሱ የምትነግርዎት እሷው ብቻ ናት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሳምንት ጥቂት ቀን እየመጡ ደንበኞችዎን በእጅዎ ቢያስረክቡ ለእርስዎም ይጠቅማል፤ ያ ሥራ ስንት እንደሚከፈልበትም ይጻፍ።

እዚህ የጻፍኳቸው ቁጥሮች ስሌቱን ለማሳየት ናቸው፤ የእርስዎን ከመዝገብዎ ያውጡ። የሦስት ዓመት የሂሳብና የግብር መዝገብ፣ የኪራይ ውሉን፣ የዕቃ ደረሰኞችን፣ የሠራተኞች ውልና የቀጠሮ ደብተሩን ይዘው መጀመሪያ ሂሳብ አዋቂ፣ ቀጥሎ ጠበቃ ዘንድ ይሂዱ። ጠበቃዋም የእርስዎ ብቻ ትሁን፤ «አንድ ሰው ለሁለታችን ይበቃናል» እንዳትባባሉ። የአከራዩ ደብዳቤ በእጅዎ ሳይገባ ደግሞ ቀብድ አይቀበሉ።