ጃስሚን ለምን አይፈላም?

«የጽጌረዳ ዘይት በእንፋሎት ይወጣል ይላሉ። ታዲያ ጃስሚን ባፈላ ሽታው ለምን ጠፋብኝ?»

ሰላም ወንድሜ። ጃስሚን ሙቀት አይችልም። ጽጌረዳና ላቬንደር ይችላሉ፤ እንፋሎቱ ዘይታቸውን ይዞ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የዕጣን ዘይትም የሚወጣው እንዲሁ ነው። ጃስሚን ግን ሽታው ይበላሻል፣ የሚገኘውም ዘይት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የፈረንሳይዋ ግራስ ከተማ ሽቶ ቀማሚዎች ለዚህ የተጠቀሙት ስብ ነው። በእንጨት ፍሬም በተያዘ መስታወት ላይ በደንብ የተጣራ የአሳማና የበሬ ስብ ይቀባሉ። ከዚያ አበባውን አንድ በአንድ ይደረድሩበታል። ጃስሚን ከተቀጠፈ በኋላም ሽታ መስጠቱን አያቆምም፣ ስቡም ይመጠዋል። በማግስቱ የጠወለገውን አንስተው በትኩስ ይተካሉ። አበባው እርጥብ ከሆነ ስቡን ያበላሸዋል። ስቡ ሽታ እስኪጠግብ ሳምንታት ይፈጃል። በመጨረሻ በአልኮል ይታጠባል፤ ሽታው ወደ አልኮሉ ያልፋል።

ይህ ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ዛሬ በአመዛኙ ሄክሳን በሚባል አሟሚ ፈሳሽ ተተክቷል። አበባው ሄክሳን ውስጥ ይነከራል፤ ሄክሳኑ ሲተን ሽታ ያለው ሰም መሳይ ነገር ይቀራል። እሱን በአልኮል አሟሙተው ያቀዘቅዙታል፣ የረጋውን ሰም ያጣሩታል። አልኮሉ ሲወጣ የሚቀረው «አብሶሉት» ይባላል። ይሄንን ቤት ውስጥ እንዳትሞክረው፤ ሄክሳን በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ብርቱካንና ሎሚ ይህ ሁሉ አያስፈልጋቸውም። ልጣጩን ስታጥፈው ፊትህ ላይ የሚረጨው ራሱ ዘይቱ ነው፤ መጭመቅ ይበቃል። አንተ በጃስሚኑ ከቀጠልክ፣ በስቡ ፋንታ ሽታ በሌለው የረጋ የኮኮናት ዘይት ሞክረው።