x̄ ላይ ያለችውን ሰረዝ አደራ

«ሰላም ቤተሰብ፣ ለስታቲስቲክስ ፋይናል አንድ ኤ4 ወረቀት ይዛችሁ መግባት ትችላላችሁ ተብለናል። የሌክቸሩን ፎርሙላ ሁሉ ገልብጫለሁ፣ ግን ጥያቄ ሲመጣ የቱን እንደምጠቀም ግራ ይገባኛል። የሠራችሁ ካላችሁ እንዴት አደረጋችሁት?»

እህቴ፣ የገለበጥሽውን ወደ ጎን አድርጊው። ሌክቸር ላይ ፎርሙላው በምዕራፍ በምዕራፉ ይመጣል፤ ፈተና ላይ ግን ይሄ ከምዕራፍ ስንት ነው ብሎ የሚነግርሽ የለም። እኔ ድሬ ስማር የሠራሁትን ወረቀት ከኋላዬ የመጡት ልጆች ሲያባዙት ነው የኖሩት፣ ስለዚህ ትንሽ ብኩራራ አትታዘቢኝ።

1. መጀመሪያ ፊደሎቹ። ወረቀቱ አናት ላይ μ እና σ የፖፑሌሽኑ፣ x̄ እና s የሳምፕሉ፣ n የሳምፕሉ ብዛት ብለሽ ጻፊ። s አጠገብ «በ n-1 የተካፈለ» የሚል ጨምሪ። ካልኩሌተርሽ ላይ የትኛው እንደሆነም አስፍሪ፤ xσn-1 ወይም sx የሚለው ነው። ከጎኑ ያለው በ n ያካፍላል። በድሬ ሙቀት፣ በላብ መሀል፣ እሱን መጫን ምንም አይከብድም።

2. ሦስት ዓምድ ይኑርሽ፦ ፎርሙላው፣ የፊደሎቹ ፍቺ፣ መቼ። ሰው የሚወድቀው «መቼ» ላይ ነው። እዚያ ጋ የሌክቸሩን ማብራሪያ አትገልብጪ፤ ጥያቄ ጻፊ። «የተጠየቀው ስለ አንድ ሰው ነው ወይስ ስለ አማካይ?» «σ ተሰጥቷል ወይስ ያለኝ s ብቻ ነው?» እነዚህ ሁለቱ የሚያምታቱትን ሦስቱን ይለዩልሻል፦

```
z = (x - μ) / σ
z = (x̄ - μ) / (σ/√n)
t = (x̄ - μ) / (s/√n),  df = n - 1
```

የመጀመሪያው ለአንድ ሰው ነው። ሁለተኛው ለአማካይ፣ σ ሲሰጥ። ሦስተኛው ለአማካይ፣ s ብቻ ሲኖር።

በፈጠራ ቁጥር ላሳይሽ። የድሬ ባጃጅ ሹፌር የቀን ገቢ በአማካይ 580 ብር ነው ተባለ እንበል። 16 ሹፌሮች ጠየቅሽ፣ አማካዩ 620፣ s ደግሞ 80 ወጣ። 80ን ለ √16 ስታካፍይ 20። የ40 ብሩን ልዩነት ለ20 ስታካፍይ 2። እስከዚህ z አልሽውም t አልሽው ቁጥሩ ያው ነው። አሁን ሠንጠረዥ ክፈቺ። በ5 ፐርሰንት፣ በሁለቱም ጫፍ፣ z 1.96 ነው የሚጠይቅሽ። 2 ስለሚበልጥ «580 አይደለም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ግን σ መቼ ተሰጠሽ? 80ው ከ16ቱ ሹፌሮች የወጣ ነው። ስለዚህ t ነው፣ df 15፣ የሚጠይቅሽም 2.131። 2 አይደርስም። መልሱ «580ን ለመጣል በቂ ማስረጃ የለም» ሆነ። ስሌቱ አንድ፣ መልሱ ግልብጥ!

√n ን ከረሳሽ ደግሞ 40 ለ80፣ 0.5 ይወጣል። ያ የመጀመሪያው ፎርሙላ ነው፤ ስለ አንድ ሹፌር የሚያወራው።

«መቼ» ላይ አንድ መስመር ጨምሪ፦ n ትንሽ ከሆነ t የሚያስኬደው ፖፑሌሽኑ ወደ ኖርማል ሲጠጋ ነው። n 30 ከደረሰ z ተጠቀሙ የሚሉ መምህራን አሉ፤ በ df 29 t 2.045 ስለሆነ ከ1.96 ብዙም አይርቅም። የአንቺ መምህር በየትኛው እንደሚያርሙ ጠይቀሽ እሱን ጻፊ። እዚህ ላይ መከራከር ማርክ አያመጣም።

3. ማተሚያ ቤት። አቦ፣ ይሄን ሳስብ እስካሁን ደሜ ይፈላል። ፋይሉን በስልኬ ወርድ ላይ አሳምሬ ሠርቼ ከዚራ አካባቢ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰድኩት። ሲወጣ √ ባዶ ሳጥን ሆኗል። እሱስ ይታያል። x̄ ላይ ያለችው ሰረዝ ግን ጠፍታ ሁሉም x ሆኗል፤ ማለት የአንድ ሰውና የአማካይ ፎርሙላ መለያ የለውም። ልጁን «ምልክቶቹ ጠፍተዋል» ስለው ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ «እኛ ጋ እንደዚህ ነው የሚወጣው፣ ክፈል» አለኝ። ከፈልኩ፣ ምን አደርጋለሁ! ማታ ዶርም ቁጭ ብዬ እያንዳንዷን ሰረዝ በእስክሪብቶ መለስኩ። በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ የለም። አንቺ ፒዲኤፍ አድርገሽ ውሰጂ፣ ብሩን ሳትሰጪ በፊት √፣ x̄ እና σ ላይ ጣትሽን እያደረግሽ እዪ። ወይም በእጅሽ ጻፊው፤ የሚከለክል መመሪያ ከሌለ እኔ የእጁን እመርጣለሁ።

የ t ሠንጠረዥ ፈተናው ላይ ይሰጥ እንደሆነ ቀድመሽ ጠይቂ። ካልተሰጠ ከ df 5 እስከ 30 ያለውን ብቻ ጥግ ላይ ገልብጪ። ለሁለት ጫፍ 5 ፐርሰንት የምትወስጂው 0.025 የሚለውን ዓምድ ነው፤ 0.05 የሚለው ለአንድ ጫፍ ነው።